የኦፍ ቀን ሥራ ከመፈለግሽ በፊት የደመወዝ ወረቀትሽን አንብቢ

«እትዬ፣ ዱባይ በአንድ የጽዳት ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ደመወዜ 1,400 ድርሃም ነው፤ 900ው ቤዚክ፣ ሌላው የምግብና የትራንስፖርት። ፈረቃዬ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ብዙ ቀን 11 ሰዓት እንቆያለን፤ ኦፌም አንዳንዴ ይሰረዛል። አንድ አገናኝ በኦፍ ቀንሽ ቢሮ ካጸዳሽ በሰዓት 25 ድርሃም እሰጥሻለሁ አለኝ። ቪዛዬ ግን የድርጅቱ ነው። ካምፕ ውስጥ ቡናና ድርቆሽ መሸጥም አስቤ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ያሉት እናቴና ወንድሜ የሰው ልጅ ቤት ሠራ ይሉኛል። ወንድሜ ገላን መሬት ልግዛልሽ፣ ውክልና ላኪ ብሏል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው አገናኙ ላይ አይደለም። «11 ሰዓት እንቆያለን» የሚለው ላይ ነው። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሠራተኛው ከወረቀቱ ላይ የሚያየው የመጨረሻዋን ድምር ብቻ ነበር። ተጨማሪ ገቢ የሚፈልግ ሰው ሲጽፍልኝ ገና ያልተከፈለው ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እሱን እፈልጋለሁ። ያንቺ እዚያው ድርጅትሽ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

አብረን እናስላው። በኤምሬቶች የሠራተኛ ሕግ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት እረፍትሽ አይቆጠርም። ስለዚህ 11 ሰዓት ስትቆዪ የሠራሽው 10 ነው። ሁለቱ ሰዓት ኦቨርታይም ነው። ሂሳቡ የሚሠራው በ1,400 ሳይሆን በቤዚኩ ነው። ብዙ ድርጅት ወሩን በ30 ያካፍላል፤ 900 ለ30 ሲካፈል በቀን 30 ድርሃም፣ በሰዓት 3.75 ይሆናል። ለትርፍ ሰዓት ቢያንስ 25 በመቶ ሲጨመርበት 4.69 ገደማ ይመጣል። በወር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን 16 ጊዜ ካጋጠመሽ ወደ 150 ድርሃም ነው።

ኦፍሽ ሲሰረዝ ደግሞ ወይ ሌላ የእረፍት ቀን ይሰጥሻል፣ ወይ የቀኑ ክፍያ ከቤዚኩ 50 በመቶ ተጨምሮበት ይከፈልሻል። ባንቺ ሂሳብ 30 እና 15፣ 45 ድርሃም ማለት ነው። በወር ሁለቴ ቢሰረዝብሽ 90። በድምሩ ወደ 240 ድርሃም ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ጓደኞችሽ ተሳስተው ሊነግሩሽ ይችላሉ። ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ጭማሪው 50 በመቶ ነው። ይህ ግን በፈረቃ ለሚሠሩ ሰዎች አይሠራም። አንቺ ፈረቃ ስለሆንሽ በሱ አትሟገቺ፤ በ25ቱ ላይ ቁሚ። ቪዛሽ የቤት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮም ሕጉ ሌላ ነው፣ ይህ ስሌት አያገለግልም ነበር።

አሁን ወደ አገናኙ። አራቱን ኦፍሽን በሙሉ በቀን አራት አራት ሰዓት ብትሠሪለት 400 ድርሃም ነው። ከ240 ይበልጣል፤ አልክድም። ግን ያለ ፈቃድ ሠርተሽ ባይከፍልሽ ለማን ትከሺዋለሽ? ከሰስሽ ማለት ያለ ፈቃድ መሥራትሽን በራስሽ አንደበት ተናገርሽ ማለት ነው። ደረጃ ላይ ወድቀሽ እጅሽ ቢሰበር የድርጅትሽ የሥራ ላይ ጉዳት ሽፋን ለዚያ ቢሮ አይደርስም። ሰውየውም አይረዳሽም። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው ሕግ ያለ ፈቃድ ሠራተኛ የሚያሠራ አሠሪ የሚቀጣው ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ነው። ይህ የሚያስፈራው ሰው ተቆጣጣሪ ሲመጣ «አላውቃትም» ይላል። አንቺ ደግሞ ወደ አገር ልትመለሺ፣ ዳግም እንዳትገቢም ልትከለከዪ ትችያለሽ። ለ400 ድርሃም 1,400ውን አታስይዢ።

ሕጋዊ መንገድ አለ። የፓርት ታይም የሥራ ፈቃድ ይባላል። ከአንድ በላይ አሠሪ ዘንድ ለመሥራት ያስችላል። ፈቃዱን የሚያወጣው ግን ሊያሠራሽ የፈለገው ድርጅት ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ስለዚህ አገናኙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «ድርጅትህ በስሜ የፓርት ታይም ፈቃድ ያወጣልኛል?» እውነተኛ ድርጅት ካለው ስሙንና የንግድ ፈቃዱን ያሳይሻል። «አያስፈልግም፣ ማን ያይሻል» ካለሽ ስልኩን ዝጊ። ፈቃዱ ቢወጣ እንኳ ፈረቃሽ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቋሚ ቀን ቃል አትግቢለት። የፈረቃ ፕሮግራምሽ በወጣ ቁጥር ቀኑን እየነገርሽው ከተስማማ ብቻ ነው የሚሆነው።

ኦቨርታይሙን እንዴት ትጠይቂያለሽ? መጀመሪያ ማስረጃ። ፈረቃው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ወይም በዋትስአፕ ሲላክ ፎቶ አድርገሽ አስቀምጪ። በየቀኑ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ጻፊ፤ በኛ አቆጣጠር ሳይሆን በእነሱ ሰዓት፣ ማንም ተቆጣጣሪ እንዲያነበው። የሥራ ውልሽን ከሠራተኛ ሚኒስቴሩ የMOHRE መተግበሪያ አውጥተሽ ቤዚኩ በርግጥ 900 መሆኑን አረጋግጪ፤ እጅሽ ላይ ካለው ወረቀት የተለየ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከዚያ ሁለት የደመወዝ ወረቀት ከማስታወሻሽ ጋር ጎን ለጎን አድርጊ። ኦቨርታይም የሚል መስመር ከሌለ፣ ወይም ሰዓቱ ካነሰ፣ መጀመሪያ ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቂ። በረጋ ቃል፣ ቀንና ሰዓት ጠቅሰሽ። ብዙ ጊዜ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የፈረቃ ኃላፊው ሰዓቱን ለደመወዝ ክፍል ሳያስተላልፍ ይቀራል።

ካልመለሱልሽ የሚኒስቴሩ የምክርና የቅሬታ መስመር 80084 ነው። እውነተኛ ቅሬታ ስላቀረብሽ ማባረር በሕጉ ያለአግባብ ማሰናበት ነው። ግን ውልሽ ሲያልቅ አለማደስ ይችላሉ፣ ይህን ማወቅ አለብሽ። ሊያልቅ ጥቂት ወር ከቀረው መዝገቡን ይዘሽ ጠብቂ። ከለቀቅሽ በኋላም ለመጠየቅ ሁለት ዓመት አለሽ።

ቡናና ድርቆሹን ተይው፤ መሸጥ የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ካምፑም አይፈቅድልሽም።

ወንድምሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ውክልናውን አትላኪለት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ቤትና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ሆኖም ብዙ ሰው ቆንስላ ሄዶ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ቅጽ ሳያነብ ይፈርማል፤ ያኔ ለመግዛት የላክሽው ውክልና ለመሸጥም ያገለግላል። ገላንና ዙሪያውን የሰነድ ጣጣው ብዙ ነው። አንቺ እዚያ ሆነሽ ካርታውን ማየት፣ ጎረቤት መጠየቅ አትችዪም። የሰው ልጅ ቤት ሠራ የሚሉሽ ሰዎች የሰው ልጅ ስንት ሰዓት እንደሠራች አልጠየቁም። ለእናትሽ ይህን ንገሪያት፦ በወር የምትልኪው መጠን ይኸው ነው፣ ኦቨርታይም ሲገባ አይጨምርም።

ያ 240 ድርሃም ሲገኝ በራስሽ ስም ባለ ሒሳብ ይቀመጥ። እናትሽ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ከፈለገች፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ገዢ አይጠፋም። በመጀመሪያ ባላት ምጣድ ለሁለት ወር ትሞክር፤ የጤፉንና የመብራቱን ወጪ በደብተር ትያዝ። ከተረፋት ያኔ ሁለተኛ ምጣድ ግዢላት።

አሁን የሚቀጥለው የደመወዝ ወረቀትሽ እስኪወጣ ድረስ ሰዓቱን መጻፍ ዛሬውኑ ጀምሪ። ወረቀቱ ሲደርስሽ ከማስታወሻሽ ጋር ላኪልኝ፣ አብረን እናስላዋለን።