ሥራው ቀርቶ ፋይሉ ሲቀር

«ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት በአንድ የዕቃ ማጓጓዣ ኩባንያ ለሒሳብ ክፍል ሥራ አመልክቼ ነበር። ፎርሙ ሃይማኖቴንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴንም ቅጂ አስገባሁ። ማርች 10 ቀን 2025 እንዳልተመረጥኩ ጻፉልኝ። ዘንድሮ በጃንዋሪ ደግሞ የዚያው ባለቤት የሆነ ሌላ ኩባንያ ‹ሲቪዎን አይተናል› ብሎ ኢሜይል ላከልኝ። ይህን ማድረግ ይችላሉ? እንዲያጠፉልኝስ ምን ልጻፍ?»

ውድ ጠያቂ፣

ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ፣ በጀርመንኛ ምኅጻሩ DSGVO፣ ኩባንያ የሰው መረጃ እንዳይሰበስብ አይከለክልም። የሚጠይቀው መረጃው ለተያዘው ጉዳይ በዚያን ሰዓት የሚያስፈልግ እንዲሆን ነው። ስለዚህ አንድ ፎርም ላይ የሰፈሩት ጥያቄዎች ሁሉ እኩል አይደሉም፤ ለማመልከቻ የማያስፈልገው ነገር ከተቀጠሩ በኋላ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሃይማኖትን እንውሰድ። ጀርመን ውስጥ ቀጣሪ ከደመወዝ ላይ የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚቆርጥላቸው ሃይማኖቶች ስላሉ፣ ለተቀጠረ ሰው ይህ መረጃ በደመወዝ ሒሳብ በኩል ያስፈልጋል። ገና ያልተቀጠረን የሒሳብ ሠራተኛ ግን ሃይማኖቱን ለመጠየቅ ምክንያት የለም። የባንክ ሒሳብ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ደመወዝ ለማይከፈለው ሰው ምን ያደርጋል? የመኖሪያ ፈቃድ ትንሽ ይለያል። አመልካች የመሥራት ፈቃድ እንዳለውና እንደሌለው ቢጠየቅ ተገቢ ነው። የፈቃዱን ቅጂ የመያዝ ግዴታ ግን ቀጣሪው ላይ የሚወድቀው የውጭ አገር ዜጋውን ሲቀጥር ነው፤ ቅጂውንም ሠራተኛው እዚያ እስካለ ድረስ ያቆየዋል። እርስዎ ስላልተቀጠሩ ያንን ቅጂ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አልነበረውም።

ስም፣ አድራሻ፣ የትምህርትና የሥራ ማስረጃ፣ የቃለ መጠይቅ ማስታወሻ ግን በሕጋዊ መንገድ የተያዙ ናቸው፤ ውድቅ ከተደረጉም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያሉ። ብዙ ሰው የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው፤ ኩባንያው ግን ምክንያት አለው። በጀርመን የእኩል አያያዝ ሕግ መሠረት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በጾታው ምክንያት ሥራ የተከለከለ አመልካች፣ የውድቅታው ደብዳቤ በደረሰው በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ ከዚያም በሦስት ወር ውስጥ ለሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። ኩባንያው ቢከሰስ የሚከላከለው በዚያው ፋይል ነው። ሁለቱ ጊዜያት ሲደመሩ አምስት ወር ይሆናሉ፤ ለደብዳቤ መመላለሻ ሲታከል በተግባር የተለመደው ስድስት ወር ነው። የእርስዎ ውድቅታ ማርች 10 ቀን ስለደረሰ ስሌቱ እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ማቆየት የሚቻለው ለወደፊት ክፍት ቦታ እንዲቀመጥልዎ እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ የሰጡትንም ፈቃድ በፈለጉ ጊዜ ያነሣሉ። ስለዚህ ማመልከቻውን ሲልኩ «ለሌሎች ቦታዎችም እንድታሰብ እስማማለሁ» የምትል ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው እንደሆነ ያስታውሱ፤ የማረጋገጫ ኢሜይሉም ውስጥ ይፈልጓት። ሳጥኗ ላይ ምልክት ካላደረጉ፣ በጃንዋሪ ፋይሉ እዚያ መገኘቱ ራሱ ጥፋት ነው። ሌላው ኩባንያም ባለቤቱ አንድ ቢሆንም በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ የባለቤትነት ዝምድና ብቻውን የእርስዎን ሲቪ ለማየት ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። የምመክርዎ «አጥፉልኝ» ብለው እንዳይጀምሩ ነው። መጀመሪያ በDSGVO አንቀጽ 15 መሠረት ስለ እርስዎ የያዙትን ሁሉ ቅጂ፣ ከየት እንዳገኙትና ለማን እንዳስተላለፉት ይጠይቁ። ካጠፉ በኋላ ሲቪዎ ወደ ማን እንደ ሄደ ማወቅ አይቻልም። ከዓመታት በፊት አብሬው የሠራሁት አንድ አመልካች ስረዛውን አስቀድሞ ጠይቆ «ተሰርዟል» የሚል የአንድ መስመር መልስ ደረሰው፤ ከሁለት ወር በኋላ የክፍል ኃላፊው ከራሱ የኢሜይል ሣጥን አሮጌውን ሲቪ አንሥቶ ደወለለት። የሰው ኃይል ክፍሉ የሰረዘው ከማመልከቻ ፖርታሉ ብቻ ነበር።

ኢሜይሉን ባመለከቱበት አድራሻ፣ የማመልከቻውን ቁጥር ጠቅሰው ይላኩ። የሚላክበትን አድራሻ በኩባንያው ድረ ገጽ ግርጌ Datenschutz በሚለው ማገናኛ ሥር ያገኙታል። ርዕሱን Auskunft nach Art. 15 DSGVO ይበሉት። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ አያያይዙ፤ ኩባንያው ማንነትዎን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቀው፤ ቢጠይቅም ከስምና ከአድራሻ ውጭ ያለውን አጥቁረው መላክ ይችላሉ። መረጃ እንዲያጠፋ ለሚጠይቁት ድርጅት አዲስ መረጃ መስጠት እንግዳ ነገር ነውና።

ጥያቄው ከደረሰው ቀን ጀምሮ አንድ ወር አለው። ጉዳዩ ከተወሳሰበበት ሁለት ወር መጨመር ይችላል፤ መዘግየቱን ግን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከነምክንያቱ ማሳወቅ አለበት። የመጀመሪያው ቅጂ በነጻ ነው። ቅጂውን ካገኙ በኋላ ሁለተኛውን ደብዳቤ በአንቀጽ 17 ይጽፋሉ። መረጃው ለተሰበሰበበት ዓላማ አሁን አያስፈልግም ይበሉ፤ ሰጥተው ከነበረም ፈቃድዎን ማንሣትዎን ይግለጹ። ስረዛው የክፍል ኃላፊዎችን የኢሜይል ሣጥን እንዲጨምር፣ ፋይሉን የተቀበለው ሌላ ኩባንያም እንዲነገረው፣ መፈጸሙም በጽሑፍ እንዲረጋገጥልዎ ይጠይቁ። ለዚያ ለሁለተኛው ኩባንያም ለየብቻ ይጻፉለት። በፖርታሉ ላይ ያለውን አካውንት መዝጋት ይህን ደብዳቤ አይተካም።

ፈቃደኛ ካልሆኑ በዚያው በአንድ ወር ውስጥ ምክንያታቸውን መጻፍና አቤት የማለት መብትዎን መግለጽ ይጠበቅባቸዋል። ዝም ካሉ ወይም መልሱ ካላረካዎ፣ ያለ ክፍያ ቪስባደን ለሚገኘው የሄሰን ክፍለ ሀገር የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ያመልክቱ፤ የሁለቱን ደብዳቤዎች ቅጂና የተላኩበትን ቀን ያያይዙ። (በነገራችን ላይ በዓለም የመጀመሪያው የዳታ ጥበቃ ሕግ የወጣው በዚሁ በሄሰን በ1970 ነው።)

ሁለት ነገሮች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ አመልካች የተከለከለው በአድልዎ እንደ ሆነ ከጠረጠረ፣ በሁለቱ ወር ውስጥ ስረዛ መጠየቅ የለበትም፤ የቃለ መጠይቁ ማስታወሻ ለእርሱም ማስረጃ ነው። ለእርስዎ ያ ጊዜ አልፏል። ሌላው፣ ወደፊት ተቀጥረው ከሥራ ሲለቁ ሁሉም ነገር ይጥፋልኝ ማለት አይቻልም፤ ለምሳሌ የደመወዝ መዝገቡ፣ የግብር ሕጉ እንደሚያዝዘው፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ከሰፈረበት ዓመት በኋላ እስከ ስድስተኛው ዓመት ማብቂያ ድረስ ይቆያል። የእርስዎ ፋይል ውስጥ ግን ደመወዝ የሚባል ነገር ስለሌለ ይህን ምክንያት ሊያቀርቡልዎ አይችሉም። የመጀመሪያውን ኢሜይል ሲልኩ ቀኑን በማስታወሻዎ ያስፍሩ፤ አንዱ ወር የሚቆጠረው ከዚያ ነው።