ከ«ኢትዮጵያ» ላይ የተነጠለችው ጭረት

ጥያቄ፦ «ለማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት ስድስት ገጽ የሚይዝ ረጅም ጽሑፍ በኢንዲዛይን እያቀናበርሁ ነው። አንባቢ እንዳይሰለች ብዬ መነሻውን ፊደል በሦስት መስመር ቁመት አሳደግሁት፤ ነገር ግን ‹ኢትዮጵያ› የሚለው ቃል ትልቅ ‹አ› ሆነና አንዲት ትንሽ ጭረት ከጎኑ ቀረች። ካለፈው ዓመት እትም በተገለበጠው ክፍል ደግሞ ሁለት ፊደል አብሮ ያድጋል። ጥቅስ መሃል ላይ ሳስገባ የሁለቱ ዓምዶች መስመር ይዛነፋል፤ በግራጫው ሣጥን ላይ ያስቀመጥሁት ጽሑፍም ጠፋ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ፋይልዎን ባላየውም ጥፋቱ ከገጽ ቅንብሩ ይልቅ በፎንቱ ላይ እንዳለ እገምታለሁ፤ ይህን እንድል ያደረገኝም ከጎን የቀረችው ጭረት ናት። ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ መለያ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ አደራደር፣ በፊት በተሠራ የግዕዝ ፎንት መሆን አለበት። በእነዚያ ፎንቶች ብዙ ፊደላት በሁለት ቁራጭ የሚገጣጠሙ ነበሩ፤ «ኢ» ማለት «አ» እና ከእግሩ ሥር የምትቀጠል ጭረት ነበር። ዐይንዎ አንድ ፊደል ቢያይም ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው ሁለት ነው፤ ስለዚህ አንድ ፊደል አሳድግ ሲሉት የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ አሳድጎ ጭረቷን ከተራው ጽሑፍ ጋር ይተዋታል።

ግምቴን ለማረጋገጥ ያንን ቃል ይምረጡና ፎንቱን ወደ Nyala ወይም ወደ Abyssinica SIL ይቀይሩት። ቃሉ በግዕዝ ፊደል ከቀጠለ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። እንደ ›=ƒÄåÁ ያለ የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ ግን ጉዳዩ ተረጋግጧል። ከዚህም ውስጥ ሁለተኛዋ ምልክት፣ ማለትም = የምትመስለው፣ ከጎን የቀረችብዎት ጭረት ራሷ ናት።

ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡ፤ አሁን ያለውንም መልክ እንዳለ ወደ ፒዲኤፍ ያውጡት። ጽሑፉ አንዴ ከተቀየረ በኋላ ከየትኛው ቃል ላይ ምን እንደጠፋ የሚነግርዎት ያ ፒዲኤፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩ። ለዚህ የተሠሩ መቀየሪያዎች አሉ፤ ዋናው ነገር ለእርስዎ ፎንት የተዘጋጀውን መምረጥ ነው፣ ምክንያቱም የድሮ ፎንቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አደራደር ነበራቸው። ከተቀየረ በኋላ እንደ «ቋ»፣ «ኳ» እና «ጓ» ያሉትን ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ከፒዲኤፉ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ መቀየሪያ የሚሳሳተው በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ካካተተበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል ከነቅጥያው አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ሆኗል፤ «ኢ»ም አንድ ናት፣ አትሰነጠቅም። ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላም ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጡ፣ ግማሽ ፊደላቸው የጎደለና ምንጫቸው የማይታወቅ ፎንቶች ዛሬም ለኅትመት ሥራ መዋላቸው በጣም ያሳዝነኛል። በነጻ የሚገኙና ተሟልተው የተሠሩ የዩኒኮድ ፎንቶች እያሉ ለዚህ ምንም ምክንያት የለም።

ባለፈው ዓመት ክፍል ላይ ሁለት ፊደል አብሮ የሚያድገው ከእርስዎ በፊት የሠራው ሰው ያቺን ጭረት ለማዳን ብሎ የሚያድጉትን ፊደላት ብዛት 2 ስላደረገ ነው። ለ«ኢ» ሠርቶለት ይሆናል፤ በአንድ ቁራጭ በሚጻፍ ፊደል በሚጀምር አንቀጽ ላይ ግን ቀጣዩን ፊደል አብሮ ይጎትታል። ችግሩን ሳይፈታ ሸፍኖት ነው የሄደው። የአንቀጹን ስታይል ከፍተው Drop Caps and Nested Styles በሚለው ገጽ Lines የሚለውን 3፣ Characters የሚለውን 1 ያድርጉ፤ በእጅ የተደረጉ ለውጦችንም Clear Overrides በሚለው ያጽዱ። ትልቁ ፊደል ለብቻው በሌላ ሣጥን ተጽፎ ከላይ የተለጠፈበት ቦታ ካገኙም ያለ ርኅራኄ ያጥፉት፤ አንድ ቃል በተጨመረ ቁጥር ቦታውን ይስታል።

አሁን መነሻ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ያድጋል፤ ሆኖም አንዳንዱ አጥሮ ሌላው ረዝሞ ይታይዎታል። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም በአማርኛ መጽሔቶች ላይ በብዛት የማየውና በትንሽ ትዕግሥት የሚስተካከል ጉድለት ነው። ይህ ስልት የተሠራው የላቲንን ትልልቅ ፊደላት ታሳቢ አድርጎ ነው። እነዚያ ፊደላት ከሞላ ጎደል እኩል ቁመት አላቸው፣ ሁሉም በአንድ መሥመር ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ አንዱ ፊደል በልክ ከገባ ሌሎቹም ይገባሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ክፍፍል የለውም፤ ቁመቱም እንደየፊደሉ ይለያያል። በብዙ ፎንቶች «መ» እና «ወ» ዝቅ ያሉ ናቸው፤ «ለ» እና «በ» ከፍ ይላሉ፤ «ሸ» እና «ቸ» ከራሳቸው በላይ ተጨማሪ ጭረት ተሸክመዋል፤ «ሎ» እና «ቶ» ቀለበታቸው ከላይ ነው፤ «ሏ» ደግሞ ከእግሯ ሥር ጭረት አላት። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ልዩነት አያውቅም። አንባቢም ምክንያቱን አይናገርም እንጂ ትልቁ ፊደል ከመጀመሪያው መስመር አናት ዝቅ ብሎ ሲቆም ገጹ ያልተጠናቀቀ ይመስለዋል።

መፍትሔው መለካት ነው። የጽሑፉ ፊደል 10 ነጥብ፣ የመስመሩ ርቀት 14 ነጥብ ነው እንበል። ትልቁ ፊደል በሦስተኛው መስመር ላይ ቆሞ አናቱ ከመጀመሪያው መስመር ፊደላት አናት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከመጀመሪያው መስመር መቆሚያ እስከ ሦስተኛው ያለው ርቀት 28 ነጥብ ነው፤ የአንድ ተራ ፊደል ቁመት 7 ነጥብ ያህል ከሆነ የሚፈለገው ጠቅላላ ቁመት 35 ነጥብ ይሆናል። አሁን በትልቁ «መ» ላይ ከእግሩ እስከ አናቱ አራት ማዕዘን ሥለው ቁመቱን ያንብቡ። 30 ነጥብ ካገኙ 35ን ለ30 ያካፍሉና በ10 ያባዙት፤ ወደ 11.7 ይመጣል። ትልቁን ፊደል ብቻ መርጠው መጠኑን 11.7 ሲያደርጉት እግሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ አናቱ ወደ ልኩ ይወጣል። «ሸ» ከሆነ ደግሞ የላይኛዋን ጭረት በልኩ ውስጥ አታስገቧት፣ ትንሽ ወጣ ብትል ይሻላል፤ እሷን ለማስገባት ሲባል ፊደሉ ቢያጥር ይበልጥ ያስከፋል። እንደ «ሏ» ያለውን ግን ከሥሩ ያለው መስመር እንዳይነካው Baseline Shift በሚለው ጥቂት ከፍ ያድርጉት።

ፊደሉ አልመች ካለ ወይም አንቀጹ ከሦስት መስመር ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ትልቅ ፊደሉን ይተዉት። የብራና ጸሐፊዎቻችን የክፍል መጀመሪያን የሚያሳዩት በአብዛኛው አንዱን ፊደል በማግዘፍ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በቀይ በመጻፍ ወይም ቀይና ጥቁር እያፈራረቁ በመጻፍ ነበር። ኅትመትዎ ባለ ቀለም ከሆነ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ በቀይ ማውጣት ይችላሉ፤ በዚያው Drop Caps and Nested Styles ገጽ Nested Line Styles የሚለው መስመሩ ቢረዝምም ቢያጥርም ቀለሙን ይጠብቃል። ለአማርኛ ገጽ እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ይህን ነው።

ወደ ጥቅሱ ልሂድ። ዓምዶቹ የሚዛነፉት ጥቅሱ የያዘው ቦታ በ14 የማይከፈል ስለሆነ ነው። ጥቅሱን በ18 ነጥብ ፊደልና በ21 ነጥብ የመስመር ርቀት ቢጽፉት አራት መስመር 84 ነጥብ ይይዛል፤ ሣጥኑን በዚሁ ቁመት ልክ አድርገው በ Text Wrap ከላይና ከታች 14 ነጥብ ሲተዉ 112 ይሆናል፣ ይህም የተራው ጽሑፍ ስምንት መስመር ነው። ከሥሩ የሚቀጥለው ጽሑፍ ከጎረቤቱ ዓምድ ጋር ትክክል ይገጥማል። በተጨማሪ Preferences ውስጥ Grids በሚለው Increment Every የሚለውን 14 ነጥብ አድርገው የዋናውን ጽሑፍ ስታይል Align to Baseline Grid ያድርጉት፤ ይህ ግን ልኩን አይተካም፣ ልኩ ካልገጠመ ከጥቅሱ ሥር የተዛባ ክፍተት ይተዋል።

ጥቅሱን ሲያሳጥሩ ከፊት ይቁረጡ፣ ከኋላ አይንኩ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ማኅበሩ ገንዘቡን ለሕንፃው አውሏል ብለን አናምንም» የሚለውን «አውሏል» ላይ ቢያቆሙት ተናጋሪውን ያላለውን አስባሉት ማለት ነው። ጥቅሱም ከተወሰደበት አንቀጽ አጠገብ አይቀመጥ፤ አንባቢው ያንኑ ቃል በአንድ እይታ ሁለት ጊዜ ያገኘዋል። ቀደም ብሎ ቢመጣ ወደ ፊት ይስበዋል። ለስድስት ገጽ ሦስት ጥቅስ ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ገጽ አንድ።

የጠፋው የሣጥን ጽሑፍ አልተሰረዘም። ግራጫው አራት ማዕዘን Text Wrap ተደርጎበት ከላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ራሱን እየገፋው ነው፤ በሣጥኑ ቀኝ ጥግ ላይ ቀይ የመደመር ምልክት ካዩ ጽሑፉ ውስጥ አለ፣ ቦታ ግን አጥቷል። ለጊዜው ጽሑፉን መርጠው በ Text Frame Options ውስጥ Ignore Text Wrap ሊሉት ይችላሉ። ዘላቂው ግን አራት ማዕዘኑን አጥፍቶ ግራጫውን ለጽሑፉ ፍሬም ራሱ መስጠትና Inset Spacing የሚለውን 8 ነጥብ ማድረግ ነው። ከዚያ ዋናው ጽሑፍ እንዲሸሸው Text Wrap ለዚሁ ፍሬም ይስጡት። ጽሑፉም ግራጫውም አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ግራጫው ከ10 እስከ 15 በመቶ ጥቁር ቢሆን በርካሽ ወረቀት ላይም ፊደሉ ይነበባል። በሣጥኑ ውስጥ የሚገባውም ዋናው ጽሑፍ ያለ እሱ የሚቆምለት ነገር ይሁን፦ የማኅበሩ የዓመታት ዝርዝር፣ የአንድ ሰው አጭር ታሪክ፣ የቦታ መግለጫ። የታሪኩን መሃል ቆርጠው ሣጥን ውስጥ ቢያስገቡት ሣጥኑን የዘለለ አንባቢ ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። የአዲሱ ፎንት ስፋት ከድሮው ስለሚለይ መስመሮቹ ሁሉ ይሸጋሸጋሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉ ይቀየር፣ ይታረም፣ ከዚያ መነሻ ፊደሉ፣ ጥቅሱና ሣጥኑ ይቀመጡ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊትም ገጾቹን አትመው ከመጀመሪያው ፒዲኤፍ ጋር በተለይ ስሞችንና ቁጥሮችን እያስተያዩ ያንብቡ። በሌላ ስም ያስቀመጡትን የድሮውን ፋይል መጽሔቱ ታትሞ እጅዎ እስኪገባ ድረስ አያጥፉት።