ሪፋምፒሲን፣ ካርባማዜፒን እና የወሊድ መቆጣጠሪያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም እወስዳለሁ። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ባደርገው ይሻላል?

መልስ፦ ሰዓት ማራራቅ ምንም አይፈይድም። ሁለቱ ሆድ ውስጥ አይደለም የሚጋጩት። ከቲቢ መድኃኒቶችሽ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበትሽ ሆርሞን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን አብዝቶ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ እንክብሉን በየትኛውም ሰዓት ብትውጪው ሆርሞኑ ከደምሽ ቶሎ ይጠፋል። ይህ ደግሞ መድኃኒቱ ባለቀ ማግስት አይቆምም፣ 4 ሳምንት ያህል ይቀጥላል። ሕክምናሽ 6 ወር ከሆነ እስከ 7ኛው ወር መጨረሻ ድረስ በእንክብሉ ብቻ አትተማመኚ።

የቲቢውን መድኃኒት እንዳታቋርጪ፤ የሚቀየረው መቆጣጠሪያው ነው። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የዴፖ መርፌ አይነካም፤ ጊዜውንም ማሳጠር አያስፈልግም። ሉፕም እንዲሁ። እስክትቀይሪ ኮንዶም ተጠቀሙ። ያለፉት ሳምንታት ስለሚያሳስቡ የእርግዝና ምርመራ አሁን አድርጊ፣ ያለ ኮንዶም ከተገናኛችሁበት የመጨረሻ ቀን 3 ሳምንት ሲሞላም ድገሚው።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክ ሁሉ እንክብልን ያከሽፋል፤ ሪፋምፒሲንም ስለዚህ ነው አይደል?

መልስ፦ ስለ ሪፋምፒሲን ልክ ነህ፣ «ሁሉ» የሚለው ግን ስህተት ነው። አሞክሲሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ጉበትን እንዲህ አያነሳሱም። እነሱ የሚያሰጉት ቢያስመልሱ ወይም ብርቱ ተቅማጥ ቢያመጡ ነው፤ ያኔ እንክብሉ ሳይመጠጥ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ቲቢ የለብኝም። ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን እወስዳለሁ። ክንዴ ውስጥ የተቀበረው እንክብል ስላልሆነ አይነካኝም፤ የወር አበባዬም አልተዛባም።

መልስ፦ ይነካሻል። ካርባማዜፒንም እንደ ሪፋምፒሲን ጉበትን ያነሳሳል፤ ከክንድሽ የሚወጣው ሆርሞንም በደም ዞሮ ያው ጉበት ጋ ይደርሳል። ሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፊኖባርቢታልና ፊኒቶይንም እንደዚሁ ናቸው። የወር አበባ አለመዛባቱ ዋስትና አይሆንም። የቲቢ ሕክምና ማብቂያ አለው፣ ያንቺ ግን ዓመታት ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ ኮንዶም ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አይበቃም። የመዳብ ሉፕ ቢታሰብ ይሻላል፤ ሆርሞን የለውም፣ ጉበት የሚሰባብረውም ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሐኪሟ መድኃኒቱን ወደ ላሞትሪጅን ቢቀይርላትስ?

መልስ፦ በክንድ የተቀበረውን አያዳክምም። ኤስትሮጅን ካለው እንክብል ጋር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እንክብሉ የላሞትሪጅንን መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ያህል ሊቀንሰውና የሚጥለው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ ሁለቱንም አንድ ላይ መንገር ነው፤ የሷን ጉዳይ እዚህ መወሰን አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሪፋምፒሲን ላይ ነኝ፣ ትናንት ኮንዶም ተቀደደ።

መልስ፦ ከሁሉ የተሻለው እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ የመዳብ ሉፕ ማስገባት ነው፤ ዛሬውኑ ሂጂ። ካልተገኘ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሆነው ሊቮኖርጀስትሬል በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በተለመደው 1.5 ሚሊግራም ፈንታ 3 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ። እጥፍ ማድረጉ በመመሪያ የሚመከር ነው፤ ምን ያህል እንደሚከላከል ግን ገና አልተረጋገጠም። ከ3 ሳምንት በኋላ ተመርመሪ።