የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለምን ይደገማል?

«ነፍሰ ጡር ነኝ። አዘዞ ጤና ጣቢያ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስጄ ከ4 ሳምንት በኋላ ተመለሺ ተባልኩ። አንዱ አይበቃም?»

እህታችን፣ በመርፌው የሚሰጠው ጀርሙ ሳይሆን ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገ መርዙ ነው። የመጀመሪያው ክትባት መርዙን የሚለዩ ነጭ የደም ሕዋሳትን ቀስቅሶ ጥቂት ፀረ እንግዳ አካላትን ያስገኛል፤ በሁለተኛው ግን ቀድመው የተፈጠሩት አስታዋሽ ሕዋሳት በፍጥነት ተባዝተው፣ መርዙን አጥብቀው የሚይዙ ብዙ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ፤ እነዚህም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋሉ።

መርዙ አንዴ ነርቭ ውስጥ ከገባ ፀረ እንግዳ አካል ስለማይደርስበት፣ የሕዋሳቱ ትውስታ ብቻውን አያድንም፤ መከላከያው አስቀድሞ በደም ውስጥ መገኘት አለበት። ለመግደል የሚበቃው መርዝ እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ሕዋሳቱን እንኳ በቅጡ አይቀሰቅስም፤ ስለዚህ ከበሽታው የዳነ ሰውም ይከተባል። ሁለተኛውን ከመውለድዎ ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድመው ይውሰዱ።