ያደረ ሩዝ ካርቦሃይድሬቱ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ አለብኝ። ለ10 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት ኢንሱሊን እወጋለሁ። ሩዝና ድንች ተቀቅሎ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ካርቦሃይድሬቱ በግማሽ ይቀንሳል ሲሉ ሰማሁ። ኢንሱሊኔንም በግማሽ ልቀንስ?

መልስ፦ እባክዎ አይቀንሱ። የሰሙት ነገር መነሻው እውነት ነው፤ መጠኑ ግን በጣም ተጋኗል።

የሩዝና የድንች ካርቦሃይድሬት በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ሩዝ ወይም ድንች ሲቀቀል ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሰንሰለቶቹም ይላቀቃሉ። ያኔ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች በቀላሉ ይቆራርጡታል። ምግቡ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከተላቀቁት ሰንሰለቶች የተወሰኑት ተመልሰው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ያደረ ሩዝ ጠንከር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የተጣበቀውን ክፍል ኢንዛይሞቹ በደንብ ስለማያገኙት ከፊሉ ሳይፈጭ ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እሱን ነው ሬዚስታንት ስታርች የምንለው። ቢያሞቁትም ሁሉም አይጠፋም፤ በጣም አጥብቆ የተጣበቀውን ለመፍታት ውሃ ከሚፈላበት በላይ ሙቀት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ትኩስ ነጭ ሩዝ በ100 ግራም ውስጥ 0.6 ግራም ገደማ ሬዚስታንት ስታርች አለው። ለ24 ሰዓት በፍሪጅ ቆይቶ ሲሞቅ 1.6 ግራም ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 1 ግራም ብቻ ነው። ድንችም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ትኩሱ 3 ግራም አካባቢ፣ የቀዘቀዘው ከ4 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

200 ግራም የበሰለ ሩዝ በሉ እንበል። በ100 ግራም 28 ግራም ካርቦሃይድሬት ብለን ብንይዝ በጠቅላላው 56 ግራም ይሆናል። በእርስዎ ስሌት 5.6 ዩኒት ማለት ነው። ሩዙ ያደረ ከሆነ 2 ግራም ይቀነስና 54 ግራም ይቀራል፤ 5.4 ዩኒት። በግማሽ ዩኒት በሚሞላ የኢንሱሊን ብዕር ሁለቱም 5.5 ናቸው። በግማሽ ቢቀንሱት ግን 2.8 ዩኒት ብቻ ይወጋሉ። ያኔ 26 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለ ኢንሱሊን ይቀራል። 1 ዩኒት ስኳርዎን በ50 የሚያወርድልዎ ከሆነ፣ ምግቡ ሲያልቅ ስኳርዎ ከሚገባው በ130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ከፍ ብሎ ያገኙታል።

እንዲያውም ከሬዚስታንት ስታርቹ ይልቅ ሚዛኑ ያሳስበኛል። 20 ግራም ሩዝ በዓይን ግምት ቢሳሳቱ ከ5 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ተሳሳቱ ማለት ነው። ያደረ ሩዝ ደግሞ ክዳን ከሌለው ውሃው ይተናል። ስለዚህ ያው 100 ግራም ከትኩሱ የበለጠ ስታርች ሊይዝ ይችላል። እንደበሰለ የሚበሉትን ያህል መዝነው፣ በክዳን ዘግተው፣ ክብደቱን ጽፈው ቢያስቀምጡት ይሻላል።

ታዲያ ምንም ለውጥ የለም ማለት ነው? አይደለም። ለውጡ ከመጠኑ ይልቅ በፍጥነቱ ላይ ይታያል። ያደረው ሩዝ በዝግታ ስለሚፈጭ ስኳርዎ ከትኩሱ ያነሰ ሊወጣ ይችላል። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ፈጣን ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ግን ወጥመድ አለው። ኢንሱሊኑ ቀድሞ ሥራ ሲጀምር ምግቡ ገና ነው፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሰዓት ስኳር ሊወርድ ይችላል። በተለይ ከምግብ በፊት ቀደም ብለው የሚወጉ ከሆነ ይህን ያስቡ።

የራስዎን ሰውነት መፈተን ይችላሉ። አንድ ቀን ትኩስ፣ ሌላ ቀን ያደረ ሩዝ ይብሉ። ክብደቱ ያው፣ ኢንሱሊኑ ያው፣ አብሮት የሚበሉትም ያው ይሁን። ከምግብ በፊት፣ ከዚያም በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ሰዓት ይለኩ። በሁለቱም ቀን ስፖርት አይሥሩ፤ ውጤቱን ያዛባዋል። ከ70 በታች ከወረዱ ፈተናው አብቅቷል፣ ወዲያው ፈጣን ስኳር ይውሰዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው አይደምድሙ፣ ሁለት ሦስቴ ይድገሙት። ያደረውን በበሉ ቁጥር የሚወርዱ ከሆነ ውጤቱን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምናስተካክለው የመውጊያውን ሰዓት ነው፣ ከዚያ ካስፈለገ ዩኒቱን።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሩዝን ለማቀዝቀዝ ብለው ውጭ አያሳድሩት። ምግብ ማብሰሉን የሚቋቋም ባክቴሪያ አለ፤ በሞቃት ክፍል ውስጥ ሲራባ የሚያመነጨው መርዝ ሩዙን ቢያሞቁትም አይጠፋም። በሰፊ ሳህን ዘርግተው በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት፣ በማግስቱ ይጨርሱት፣ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ አንዴ ብቻ ያሙቁት። ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ወስዶ ሲያስመልሰው ችግሩ እጥፍ ነው።