በሽንኩርት ሥር ጫፍ ማይቶሲስን መቁጠር፦ ጥያቄና መልስ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ የደረጃዎቹን ስም በቃሌ ይዣለሁ፤ በየደረጃው ስንት ክሮሞዞም እንዳለ ስጠየቅ ግን ይምታታብኛል። ቀይ ሽንኩርት 16 ነው ይላሉ። ታዲያ 32 የሚሆነው መቼ ነው?

መልስ፦ በአናፌዝ ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። ስትቆጥሪ ክንዶቹን ተዪና ወገቡን፣ ማለትም ሴንትሮሜሩን ቁጠሪ። አንድ ሴንትሮሜር ካለ አንድ ክሮሞዞም ነው፤ በአንድ ክር ቢሆንም በሁለት ክር ቢሆንም።

በዚህ መንገድ ከመጀመሪያው እንሂድ። ሴሉ መከፋፈል ከመጀመሩ በፊት ዲኤንኤውን ገልብጦ ጨርሷል። ግልባጩ ግን ከዋናው አልተለየም፤ ሁለቱ ክሮማቲዶች ወገባቸው ላይ ተያይዘዋል። ስለዚህ ዲኤንኤው በእጥፍ ቢያድግም ቁጥሩ አሁንም 16 ነው። በፕሮፌዝ እነዚህ ረጃጅም ክሮች እየተጠቀለሉ ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ፤ ኒውክሊዮለሱም እየደበዘዘ ይጠፋል። ቀጥሎ የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርስና ከሁለቱ ዋልታዎች የሚመጡት የስፒንድል ክሮች ሴንትሮሜሮቹን ይይዛሉ። በሜታፌዝ 16ቱም መሀል ላይ ይሰለፋሉ፤ የእያንዳንዱ አንዱ ክሮማቲድ ወደ አንድ ዋልታ፣ ሌላው ወደ ሌላው ዋልታ ታስሯል። በአናፌዝ ወገባቸው ላይ ያያዛቸው ፕሮቲን ይቆረጣል። በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ክሮማቲድ የራሱ ሴንትሮሜር ያለው ክሮሞዞም ሆነ፤ ሴሉም 32 አለው፣ 16 በዚህ ወገን፣ 16 በዚያ ወገን። በቴሎፌዝ በየዋልታው ሽፋን ይሠራል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ኒውክሊዮለሱ ይመለሳል፤ ሁለት ኒውክለስ፣ እያንዳንዱ 16። የሽንኩርት ሴል ግድግዳ ስላለው እንደ እንስሳ ሴል መሀሉ ተሰርጉዶ አይቆረጥም፤ መሀል ላይ አዲስ ግድግዳ ተዘርግቶ ለሁለት ይከፍለዋል።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኔ እንደማውቀው 16ቱ ለሁለት ይካፈላሉ፤ 8 ወዲህ፣ 8 ወዲያ። ኋላ ዲኤንኤው ሲባዛ እንደገና 16 ይሆናሉ። አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ግማሽ የመሆኑ ነገር የመራቢያ ሴል በሚገኝበት ክፍፍል፣ በሚዮሲስ ውስጥ አለ፤ የዲኤንኤ መባዛትም እውነት ነው። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። መባዛቱ የሚቀድመው ክፍፍሉን ነው እንጂ አይከተለውም። ደግሞም መባዛት የክሮሞዞም ቁጥር አይጨምርም፦ 8 ብቻ የደረሰው ሴል ዲኤንኤውን ቢገለብጥ ባለ ሁለት ክሮማቲድ 8 ይኖረዋል እንጂ 16 አይሆንም። በማይቶሲስ የሚካፈሉት ክሮሞዞሞቹ ሳይሆኑ የእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ግልባጮች ናቸው። ለዚህ ነው ሁለቱ ልጅ ሴሎች የእናታቸውን ሙሉ ድርሻ የሚያገኙት።

የላብራቶሪ ረዳት፦ ተማሪዎች ያዘጋጁትን ስላይድ ሳይ ሁሉም ኒውክለስ ክብ ክብ ነው። አንድም ሜታፌዝ አይገኝም። ቀለሙ ይሆን ችግሩ?

መልስ፦ ከቀለሙ በፊት የቆረጣችሁበትን ቦታ እዩ። ሴል በብዛት የሚከፋፈለው በመጨረሻው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ከሥሩ ቆብ ጀርባ ነው። ከዚያ ከፍ ብላችሁ ከቆረጣችሁ የምታገኙት መከፋፈሉን ትቶ የሚረዝም ሴል ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሴሎቹ ረጃጅም አራት ማዕዘን ከሆኑና ኒውክለሱ ለሴሉ ትንሽ ሆኖ ከታየ ቦታው ተሳስቷል። የሚከፋፈለው አካባቢ ሴል ትንሽ ነው፤ ኒውክለሱም ሴሉን ሊሞላው ይደርሳል።

ሥሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቁረጡትና ወዲያው ሦስት እጅ ንጹሕ አልኮል ከአንድ እጅ ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ጋር በተቀላቀለበት ውስጥ አሳድሩት። ይህ ሴሉን ባለበት ደረጃ ያቆመዋል፤ ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ የቆየ ቁራጭ ግን የጀመረውን ክፍፍል ይቀጥላል ወይም ይበላሻል። ከዚያ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ፣ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። አሲዱ ሴልን ከሴል ያጣበቀውን ነገር ያላላል። ካነሰ ሴሎቹ ተደራርበው ይቀራሉ፤ ከበዛ ሥሩ ይቦካና ቀለምም አይቀበልም። አልኮሉን ግን ከእሳት አርቁት።

በውሃ ካጠባችሁ በኋላ ጫፉን ብቻ አስቀርታችሁ አሴቶኦርሲን ወይም አሴቶካርሚን ቀለም ጨምሩበት፣ ከቨር ስሊፕ ጣሉበትና በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። በመጨረሻ በወረቀት ሸፍናችሁ በአውራ ጣት ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ጣታችሁን ካዞራችሁ ሴሎቹ እንደ ጥቅልል ይጠቀለላሉ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ሜታፌዝ እንደ መስመር ይታያል ተብሎ ተነግሮናል። እኔ ያየሁት ግን እንደ ኮከብ የተበተነ ነው፤ ፕሮፌዝ ብዬ መዘገብኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ምናልባት ያየሽው ሜታፌዝ ነው፤ ከላይ ያየሽው። አንድ ሳህን በጎኑ ስታዪው መስመር ነው፤ ከላይ ስታዪው ክብ ነው። የተሰለፉት ክሮሞዞሞችም እንደዚያ ናቸው። ከዋልታው በኩል ካየሻቸው ሴንትሮሜሮቹ ወደ መሀል፣ ክንዶቹ ወደ ውጭ ተዘርግተው ኮከብ ይመስላሉ። ፕሮፌዝ ግን የተጠቀለለ ክር ይመስላል፤ የአንዱን ክሮሞዞም ጫፍና ጫፍ ለይቶ መከተል ያስቸግራል፣ ዙሪያውም ገና ክብ ነው። እንዲህ ያለውን ኮከብ በ400 እጥፍ ካገኘሽ ቁጠሪው፤ 16 ከመጣ ደስ ይበልሽ።

አናፌዝን ለመለየት ደግሞ ቅርጹን ተመልከቺ። ስፒንድሉ የሚስበው ሴንትሮሜሩን ስለሆነ እሱ ይቀድማል፣ ክንዶቹ ወደ ኋላ ይጎተታሉ፤ በገመድ መሀሉን ታስሮ በውሃ ውስጥ እንደሚጎተት ጨርቅ። ስለዚህ የታጠፈው ጫፍ ወደ ዋልታ፣ ክንዶቹ ወደ መሀል ይዞራሉ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ 200 ሴል ቆጠርኩ፦ 176 ያልጀመሩ፣ 14 ፕሮፌዝ፣ 4 ሜታፌዝ፣ 2 አናፌዝ፣ 4 ቴሎፌዝ። ሙሉ ዑደቱ 20 ሰዓት ነው ብላችሁ አስሉ ተባልን። እንዴት?

መልስ፦ 20 ሰዓት 1200 ደቂቃ ነው፤ ለ200 ሴል ሲካፈል አንድ ሴል 6 ደቂቃ ይወክላል። ስለዚህ ፕሮፌዝ 84 ደቂቃ፣ ሜታፌዝ 24፣ አናፌዝ 12፣ ቴሎፌዝ 24፤ ቀሪው 17 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ከክፍፍል ውጭ ነው። በክፍፍል ላይ ያሉት 24 ስለሆኑ ከመቶ 12 ናቸው።

ከዚህ ውስጥ የአናፌዙን ቁጥር አትመኚው። ሁለት ሴል ብቻ ነው ያገኘሽው፤ አንድ ብትጨምሪበት 12 ደቂቃው 18 ይሆናል። ከበርካታ ሥሮች 1000 ሴል ብትቆጥሪ ይሻላል። ስሌቱ ደግሞ ሁሉም ሴል በመከፋፈል ዑደት ላይ እንዳለ ይቆጥራል፤ መከፋፈሉን የተዉ ሴሎች ከተቀላቀሉ የክፍፍሉ ጊዜ ከእውነተኛው አጥሮ ይታያል።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ሽፋኑ የሚፈርስበትንና ክሮቹ ሴንትሮሜሩን የሚይዙበትን ጊዜ ፕሮሜታፌዝ ብለን ለብቻው እናስተምራለን። እርስዎ አላነሱትም። አራት ነው ወይስ አምስት?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ሁነቱን ጠቅሼ ስሙን ዘልያለሁ። በሕይወት ያለ ሴል ለሚከታተል ሰው ፕሮሜታፌዝን መለየት ተገቢ ነው፤ ክሮሞዞሞቹ ወዲያና ወዲህ እየተንገላቱ መሀል የሚደርሱት በዚያ ጊዜ ነውና። ባለበት በቆመ የሽንኩርት ሴል ስላይድ ላይ ግን ሽፋኑ መፍረሱን በዚህ ቀለም ማየት ስለሚያስቸግር አንዱ ቆጣሪ ፕሮፌዝ ያለውን ሌላው ፕሮሜታፌዝ ይለዋል። ለቆጠራ አራቱን እመርጣለሁ።

መምህርቷ፦ እኔ ግን ስሙን ካላነሳን ተማሪው ክሮሞዞሞቹ በራሳቸው የተሰለፉ ይመስለዋል። በዚህ አልስማማም።

አንድ አባት፦ የእኔ ነገር ከሽንኩርት ይርቃል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የልጄ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ mos 47,XX,+21[6]/46,XX[14] ይላል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል እንጂ፤ እንኳን ጠየቁ። ያ ምርመራ የሚሠራው ሴሎቹን በመድኃኒት ሜታፌዝ ላይ አቁሞ ነው፤ ክሮሞዞም በግልጽ የሚቆጠረው እዚያ ላይ ነውና። ወረቀቱ 20 ሴል ተቆጥሮ በ6ቱ ውስጥ አንድ ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም እንደተገኘ፣ 14ቱ መደበኛ 46 እንዳላቸው ይናገራል። mos የሚለው ሁለት ዓይነት ሴል ተቀላቅሎ አለ ማለት ነው።

ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም የሚያመጣው ሁኔታ ዳውን ሲንድረም ይባላል፤ አብዛኛው ከፅንሰት በፊት፣ በሚዮሲስ ስሕተት ይመጣል። እንደ ልጅዎ ዓይነቱ ግን ከፅንሰት በኋላ በማይቶሲስ የተፈጠረ ነገር አለበት። ሴሉ በሜታፌዝ ሁሉም ክሮሞዞም በትክክል እስኪያዝ ድረስ አናፌዝን የሚያዘገይበት ዘዴ አለው፤ አንዳንዴ ግን ያመልጠዋል። ከዚያ በ46 የጀመረ ፅንስ በአንድ ሴሉ ውስጥ ሁለቱ የ21ኛው ግልባጮች ሳይለያዩ ወደ አንድ ወገን ይሄዱና 47 ያለው ሴል ይወለዳል። ወይም በተቃራኒው በ47 የጀመረ ፅንስ በአናፌዝ አንዱ 21ኛ ክሮሞዞም ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠፋና 46 ያለው ሴል ይገኛል። ከዚህ ወረቀት ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። 6 ከ20 የሚለውም የደም ሴል ድርሻ ነው፤ በሌላ የሰውነት ክፍል ሊለይ ስለሚችል የልጅዎን ዕድገት ከዚህ ቁጥር አያንብቡት። በወላጆች ላይ የሚሳበብ ጥፋትም የለበትም። ወረቀቱን ይዘው የጄኔቲክስ ሐኪም ያነጋግሩ።

የላብራቶሪ ረዳት፦ ወደ ኋላ የቀረ ክሮሞዞም በሽንኩርቱ ላይ ይታያል?

መልስ፦ ይታያል። ሁለቱ ቡድኖች ወደ ዋልታቸው ሲርቁ መሀል ላይ ብቻውን የቀረ ጥቁር ቁራጭ ከሆነ እሱ ነው። በቀጣዩ ሴል ደግሞ ከትልቁ ኒውክለስ አጠገብ እንደ ነጥብ ያለች ትንሽ ኒውክለስ ሆኖ ይገኛል። ንጹሕ ውሃ ላይ ባደገ ሥር ጥቂት ብቻ ነው የሚገኘው፤ በዝቶ ከታየ ሥሩ የበቀለበትን ውሃ ቀይራችሁ በሌላ ሽንኩርት ድገሙት።