ቁም ማውዝ ወይስ ትራክቦል?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ እውላለሁ። ቀኝ እጄን እያመመኝ ነው። ቁም ማውዝ ልግዛ ወይስ ትራክቦል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚያምህን ቦታ ለይ። ተራ ማውዝ ስንይዝ መዳፋችን ወደ ጠረጴዛው ይደፋል፤ የክንዳችን ሁለት አጥንቶችም አንዱ በሌላው ላይ ይጠመዘዛሉ። ቁም ማውዝ እጅን ለሰላምታ እንደተዘረጋ በጎኑ ስለሚያቆመው ጥምዘዛው ይቀንሳል። ሕመምህ ክንድህ ላይ ከሆነ እሱን እመርጥልሃለሁ። ነገር ግን አሁንም በክንድ የሚገፋ ስለሆነ ትከሻውን ለሚያመው ሰው ብዙም አይረዳም።

ትራክቦል ከቦታው አይነቃነቅም፤ ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሰው በጣት የሚሽከረከር ኳስ ነው። ትከሻን ያሳርፋል፤ በደረሰኝ ክምር ለተጣበበ ጠረጴዛም ይስማማል። እኔ ግን ኳሱ በአውራ ጣት የሚዞረውን ዓይነት ገዝቼ ሕመሙን ከትከሻዬ ወደ አውራ ጣቴ ሥር አዛወርኩት!

አንተ እንዳትሳሳት አውራ ጣትህን በሌሎቹ ጣቶች ጨብጥና የእጅህን አንጓ ቀስ ብለህ ወደ ትንሿ ጣት በኩል አዘንብል። በአውራ ጣትህ በኩል አንጓህን ከወጋህ ያንን ዓይነት ተወው፤ ኳሱ መሃል ላይ ሆኖ በሌባና በመሃል ጣት የሚዞረውን ውሰድ። የአዳማ አቧራ ደግሞ አይምርም፤ ኳሱ መንቀርፈፍ ሲጀምር አውጥተህ የተቀመጠባቸውን ትንንሽ ድጋፎች ጥረግ። ጣቶችህ ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ ግን ከማንኛውም ማውዝ በፊት ሐኪም ይይህ።